ከመጀመሪያው ስልክ በኋላ የምትልኩት ኢሜይል

በሽያጭ ሥራ ላይ ላላችሁ ልጆች፣

ከደንበኛ ጋር የመጀመሪያውን የስልክ ውይይት፣ ዲስከቨሪ ኮል የምትሉትን፣ አብዛኞቻችሁ በደንብ ታካሂዱታላችሁ። ትጠይቃላችሁ፣ ታዳምጣላችሁ፣ ማስታወሻ ትይዛላችሁ። በኋላ የሚላከው ኢሜይል ግን «ስለሰጡን ጊዜ እናመሰግናለን፣ ምላሽዎን እንጠብቃለን» ብሎ ያበቃል። ያ ሁሉ ማስታወሻ ደብተር ውስጥ ይቀራል።

ኢሜይሉን የሚያነበው ስልኩን ያነሳው ሰው ብቻ አይደለም። እዚህ ጎንደር ብዙ ጊዜ የምታነጋግሩት ሥራ አስኪያጁን ነው። ገንዘብ የሚፈቅደው ባለቤት አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ሊሆን ይችላል። ውይይቱን አልሰማም። «ምን አሉሽ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሥራ አስኪያጇ የእናንተን ኢሜይል ትልክለታለች። ስለዚህ ስትጽፉ እሱን አስቡት።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ለሆቴሎች የክፍል መያዣ ሲስተም ትሸጣላችሁ እንበል። ዓርብ ኅዳር 19 ቀን 2018 ፒያሳ አካባቢ ያለ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ አነጋገራችሁ። ባለቤቱ ዋሽንግተን ነው። በዚያው ቀን እንዲህ ትጽፋላችሁ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ስለ ክፍሎቹ አያያዝ በዝርዝር ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ። የተረዳሁትን ልጻፍና ከተሳሳትኩ ያርሙኝ።

በጥምቀት ሰሞን አንድ ክፍል ለሁለት እንግዳ ይያዛል፤ በስልክ የተያዘው ደብተር ላይ፣ በኢንተርኔት የተያዘው ኮምፒውተር ላይ ስለሚቀር ነው። ባለቤቱ ደግሞ የዕለቱን ገቢ ማታ ማታ ማየት ይፈልጋሉ። ሠራተኞቹ ከታኅሣሥ 20 በፊት እንዲለማመዱበት ይፈልጋሉ።

እርስዎ የክፍሎቹን ዝርዝርና ዋጋ እስከ ሰኞ ኅዳር 22 ይልኩልኛል። እኔ በዚያ ዝርዝር ሲስተሙን አዘጋጅቼ አሳያችኋለሁ። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ምን ይሆናል ላሉት፣ ቴክኒክ ክፍላችንን ጠይቄ ስንገናኝ እመልሳለሁ።

የምንገናኘው ማክሰኞ ኅዳር 23 በጎንደር ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። ለባለቤቱ ዲሴምበር 2፣ በዋሽንግተን ከጠዋቱ 8 ሰዓት ይሆናል።»

በቃ። ምስጋናው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ግን ስለምን እንደሚያመሰግን ይናገራል።

ችግሩን በራሷ አነጋገር ጻፉት። እሷ «አንድ ክፍል ለሁለት እንግዳ ይያዛል» ካለች፣ እናንተ «የተቀናጀ የመስተንግዶ አስተዳደር ክፍተት» አትበሉ። ባለቤቱ የመጀመሪያውን ሲያነብ ያለፈውን ጥምቀት ያስታውሳል። ሁለተኛውን ግን ከየትኛውም ብሮሹር የተቀዳ አድርጎ ያየዋል። ያላነሳችውንም አትጨምሩ። ስለ ሬስቶራንት ሂሳብ ካላወራችሁ እሱን ማስገባት ባለቤቱን «ዋጋ ሊቆልሉብን ነው» ያሰኘዋል። ቅናሽም ካልተስማማችሁበት አይጻፍ። አንዴ ከተጻፈ ቃል ሆነ ማለት ነው።

ቀጣዩ ሥራ ላይ ማን እንደሚሠራው ይታይ። «ዝርዝሩ ይላካል» ብትሉ ማንም አይልከውም። «እርስዎ እስከ ሰኞ ይልኩልኛል» ስትሉ ግን ሰኞ ከሰዓት ደውላችሁ ለመጠየቅ ምክንያት አላችሁ፣ እሷም አይከፋትም።

ቀኑ ላይ ልቆይ፣ ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነውና። የእኛ 10 ሰዓት ለውጭ አንባቢ ጠዋት ነው። «በ23 እንገናኝ» ብትሉ ባለቤቱ ኖቬምበር 23 ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል፣ ያ ደግሞ ኢሜይሉ ሲደርሰው ያለፈ ቀን ነው። ስለዚህ የሳምንቱን ቀን፣ የእኛን ቀንና ሰዓት፣ የእሱንም ቀንና ሰዓት ከነከተማው ጻፉ። ዋሽንግተን በክረምታቸው ከእኛ 8 ሰዓት ወደኋላ ነው፣ በበጋቸው 7። የሳምንቱ ቀን ስህተትን ያጋልጣል፤ ማክሰኞ ብላችሁ ቀኑ ሐሙስ ላይ ከዋለ አንባቢው ወዲያው ይጠይቃችኋል።

ቀኑ ከየት እንደመጣም እዩ። ጥምቀት ጥር 11 ነው። ሠራተኞቹ ከታኅሣሥ 20 በፊት መለማመድ ካለባቸው ውሳኔው በኅዳር መጨረሻ ማለቅ አለበት። ቀኑን የወሰነው የእነሱ ጉዳይ እንጂ የእናንተ የወር ኮታ አይደለም። ኢሜይሉም ይህንኑ ያሳያል።

ስልክ ላይ ቀን ለመቁረጥ ካመነታች፣ እንደተስማማችሁ አድርጋችሁ አትጻፉ። «ማክሰኞ ይመቻቸው እንደሆነ ባለቤቱን ጠይቀው እስከ ቅዳሜ ይንገሩኝ» በሉ።

«ሁለተኛው ነጥብ ትክክል አይደለም» የሚል መልስ ከመጣ ደስ ይበላችሁ፣ ኢሜይሉ በጥንቃቄ ተነቧል። እርማቱን አስገብታችሁ ሙሉውን እንደገና ላኩ፣ ባለቤቱ ጋ አሮጌው እንዳይቀር። ዝም ከተባለ ደግሞ ሰኞ ስለ ዝርዝሩ ስትደውሉ «ለባለቤቱ ልከውለታል?» ብላችሁ ጠይቁ። አልላኩም ካሉ፣ የማክሰኞውን ሰዓት እሱ ገና አያውቅም ማለት ነውና ስልኩን ሳትዘጉ እንዲልኩለት ለምኑ።