ከፊርማው በፊትና ከፊርማው በኋላ፦ ስለ ኢንሹራንስ የተጠየቁ ጥያቄዎች

በኢንሹራንስ ሥራ ረጅም ጊዜ ቆይቻለሁ፤ መጀመሪያ ካሳ ክፍል፣ በኋላ ደግሞ አረቦን በሚተመንበት ክፍል። ስለ አድቨርስ ሴሌክሽንና ስለ ሞራል ሃዛርድ የምትጠይቁት ካለ ጠይቁኝ። ቁጥር ስጠቅስ ምንዛሬውን እርሱት፣ ቁጥሩን ብቻ ያዙ።

ተማሪው፦ ነገ ፈተና አለብኝ፣ ሁለቱን ሁሌም አምታታቸዋለሁ። አንድ መለያ ብቻ ስጠኝ።

ጊዜውን ተመልከት። ሰውየው ከመፈረሙ በፊት ስለ ራሱ የሚያውቀው፣ ኩባንያው ግን የማያውቀው ነገር ካለና ኢንሹራንስ የገባው በዚያ ምክንያት ከሆነ አድቨርስ ሴሌክሽን ነው። ከፈረመ በኋላ ጠባዩ ከተለወጠ ሞራል ሃዛርድ ነው። ስልክ ከእጁ የማይጸና ሰው ለስልኩ ኢንሹራንስ ሲገዛ የመጀመሪያው ነው። ለስልኩ ሲሳሳ የኖረ ሰው ደግሞ ኢንሹራንስ ከገባ ወዲህ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ጥሎት መሄድ ሲጀምር ሁለተኛው ነው። ካሳ ክፍል የሚደርሰው ግን ከሁለቱም ዘንድ አንድ ዓይነት ነገር ነው፦ የተሰነጠቀ መስታወት። መስታወቱን ዐይተህ የትኛው እንደሆነ መለየት አትችልም፤ የሙያው ጣጣ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ሹፌሩ፦ ዞሮ ዞሮ ሁለቱም ማጭበርበር ነው። ስሙን አሳምራችሁት እንጂ።

ማጭበርበሩ በሁለቱም ጫፍ ላይ አለ፤ እሱን አልክድህም። ቅጹ ላይ ተጠይቆ የዋሸ ሰው አጭበርብሯል። መኪናውን ራሱ አጋጭቶ ካሳ የጠየቀም እንደዚሁ። የሚበዛው ግን ማንም ሳይዋሽ የሚሆነው ነው። እናቱም አያቱም በአንድ በሽታ የሞቱበት ሰው ማንም ስለዚያ ሳይጠይቀው የሕይወት ኢንሹራንስ ቢገባ ምን ዋሸ? መኪናው ኢንሹራንስ ስላለው ጥበቃ ያለበትን ቦታ ፍለጋ መዞሩን ትቶ መንገድ ዳር ያቆመስ? ሁሉንም በአጭበርባሪ ዓይን የሚያይ ኩባንያ መርማሪ ይቀጥራል። መርማሪ ውሸትን ያገኛል እንጂ ቸልተኝነትን አይቀንስም፤ አረቦኑ ተወደደብኝ ብሎ የሄደውን ጤነኛ ደንበኛም አይመልስም።

የሒሳብ መምህርቷ፦ አድቨርስ ሴሌክሽን ምኑ ላይ እንደሚያስቸግር አይገባኝም። አማካዩን አስልቶ ሁሉንም እኩል ማስከፈል ነው። ኢንሹራንስ ማለት ይኸው አይደል?

መውጣት የተከለከለ ቢሆን ኖሮ አንቺ እንዳልሽው ነበር። መቼም አንቺ ቁጥር አይከብድሽምና በቁጥር እንየው። 300 ሰዎች አሉ እንበል። አንድ መቶው ብርቱ ጤነኞች ናቸው፤ የእያንዳንዳቸው የዓመት ሕክምና በአማካይ 100 ይፈጃል። ሌላው መቶ 300፣ የመጨረሻው መቶ 500 ይፈጃል። ማን የትኛው ውስጥ እንዳለ ኩባንያው አያውቅም፤ እያንዳንዱ ሰው ግን ስለ ራሱ ያውቃል። ሰው ድንገተኛ ወጪ ስለሚፈራ ከራሱ አማካይ ወጪ በላይ 50 ጨምሮ ለመክፈል ፈቃደኛ ነው እንበል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ እስከ 150፣ መካከለኞቹ እስከ 350፣ የመጨረሻዎቹ እስከ 550 ይከፍላሉ።

ኩባንያው አማካዩን፣ ማለትም 300 ይጠይቃል። ጤነኞቹ ጣሪያቸው 150 ነውና ጥለው ይወጣሉ። የቀሩት 200 ሰዎች አማካይ ወጪ አሁን 400 ሆነ፤ ኩባንያው በ300 ከቀጠለ ይከስራል፣ ስለዚህ አረቦኑን 400 ያደርጋል። መካከለኞቹ ከ350 በላይ አይከፍሉም፣ እነሱም ይወጣሉ። በመጨረሻ የሚቀሩት ብዙ የሚታመሙት ብቻ ናቸው፤ አረቦኑም 500 ይሆናል። እኔን ሁሌ የሚያንገበግበኝ ነገር፣ ከ300ዎቹ ውስጥ ኢንሹራንስ የማይፈልግ አንድም ሰው አልነበረም። ሁሉም ከራሱ ወጪ በላይ ሊከፍል ዝግጁ ነበር። ግን ሁለት ሦስተኛው ያለ ሽፋን ቀረ።

የሒሳብ መምህርቷ፦ 50ውን አንተ ነህ የመረጥከው። በ120 ብትሠራውስ?

ሠርተሽዋል መሰለኝ። በ120 ጤነኞቹ ጣሪያቸው 220 ነው፣ አሁንም ይወጣሉ። መካከለኞቹ ግን እስከ 420 ስለሚከፍሉ በ400 ይቆያሉ፣ መንሸራተቱም እዚያ ላይ ይቆማል። 200 ብታደርጊው ደግሞ ጤነኞቹ ጣሪያቸው 300 ይሆንና ማንም አይወጣም። እንግዲህ ቁልቁለቱ ሁሌ እስከ ታች አይወርድም። የሚወስነው ሰዎች አደጋን ምን ያህል ይፈራሉ፣ በመካከላቸውስ ያለው ልዩነት ምን ያህል ሰፊ ነው የሚለው ነው።

እስከ ታች የወረደበት የታወቀ ጉዳይ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች የጤና ኢንሹራንስ ነው። ዩኒቨርሲቲው ቀድሞ ለውዱና ብዙ ለሚሸፍነው ለጋስ ውል ብዙ ይደጉም ነበር። ከ1995 ጀምሮ ሠራተኛው የትኛውንም ውል ቢመርጥ ድጎማው እኩል እንዲሆን ተደረገ። ለጋሱን ውል የሚፈልግ ልዩነቱን ከኪሱ መሙላት ነበረበት። በዕድሜ ወጣት የሆኑት ወደ ርካሾቹ ውሎች ሄዱ፣ የቀሩት ወጪያቸው ከፍ ያለ ሆነ፣ አረቦኑ ተሰቀለ፣ ሌሎችም ተከተሉ። በሦስት ዓመት ውስጥ ውሉ ተዘጋ። ማንም አላጭበረበረም፤ ሹፌሩ ይህን ልብ ይበልልኝ።

እናት፦ ባለቤቴ ስኳር እንዳለበት ቅጹ ላይ አልሞላንም ነበር። አሁን ካሳ ከለከሉን። ይኼ ሞራል ሃዛርድ የምትለው ነው አይደል?

አይደለም እመቤቴ፤ ከፊርማው በፊት የነበረ ነገር ስለሆነ ወደ መጀመሪያው ይጠጋል። ለእርስዎ ግን ስሙ ምንም አይፈይድልዎትም። የሚፈይደው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቅጹ ስለ ስኳር በግልጽ ጠይቋል ወይስ "ጤናዎ ደህና ነው?" ብሎ አልፎታል? ሁለተኛ፣ ባለቤትዎ በፈረሙበት ቀን በሽታውን ያውቁ ነበር ወይስ በኋላ ነው የታወቀው? የፈረሙበትን ቅጽ ቅጂና በሽታው መጀመሪያ የተመዘገበበትን የሕክምና ወረቀት ያውጡና ቀኖቹን ያስተያዩ። ካሳ ክፍልም መጀመሪያ የሚያየው እነዚያን ቀኖች ነው። ወረቀቶቹን ሳላይ ልክ ናቸው ወይም ተሳስተዋል ብዬ ልፈርድ አልችልም።

ተማሪው፦ ኤክሰስስ? የመጀመሪያውን ጉዳት ራስህ ቻል የሚሉት ስግብግብነት ነው የሚመስለኝ።

ስግብግብነትም አይጠፋበትም። ግን ኤክሰስ ሁለቱንም ችግር በአንድ ጊዜ የሚነካ ብቸኛ መሣሪያችን ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። ከፊርማው በኋላ፣ የመጀመሪያው ኪሳራ ከራስህ ኪስ ስለሚወጣ መኪናህን ስትቆልፍ እጀታውን ደግመህ ትስባለህ። ከፊርማው በፊት ደግሞ ሰውን ሳይጠይቅ ያናግረዋል። ሁለት ውል አቅርብ፤ አንዱ ውድ ሆኖ ኤክሰስ የሌለው፣ ሌላው ርካሽ ሆኖ ትልቅ ኤክሰስ ያለው። በየጊዜው እንደሚጋጭ የሚያውቅ ሰው ኤክሰሱን ደጋግሞ መክፈል ስለማይፈልግ ወደ ውዱ ይሄዳል። በራሱ የሚተማመነው ርካሹን ይወስዳል። ቅጽ ላይ የማይነግሩህን በምርጫቸው ይነግሩሃል።

የኢኮኖሚ ባለሙያዎቹ ሮትሽልድና ስቲግሊትዝ በ1976 ያሳዩት ነገር ግን ይህ በነጻ እንደማይገኝ ነው። ዋጋውን የሚከፍለው ጥንቁቁ ሰው ነው። እሱም ሙሉ ሽፋን ይፈልግ ነበር፤ ግን በእሱ አረቦን ሙሉ ሽፋን ቢቀርብ አደገኞቹም ተንጋግተው ስለሚገቡ አይቀርብለትም። አደገኛው ሙሉ ሽፋን አግኝቶ ጥንቁቁ በግማሽ ይቀራል።

ነርሷ፦ ነጻ ሕክምና ሲገኝ ሰው ያለ ምክንያት ይመጣል ትላላችሁ። እኔ የማየው ግን አቅም አጥቶ ዘግይቶ የሚመጣውን ነው።

ያልሽውን የሚደግፍ ጥናት አለ። ሙሉ ሽፋን ያለው ብዙ ይታከማል ማለት ብቻውን ምንም አያስረዳም፤ ሙሉ ሽፋን የገዛው ድሮም ታማሚ ስለነበር ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ለመለየት ምርጫውን ከሰዎቹ እጅ ማውጣት ያስፈልጋል። ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም ከ1974 እስከ 1982 በአሜሪካ ያደረገው ይህንን ነው። ቤተሰቦችን በዕጣ መደበ፤ አንዳንዱ ሙሉ በሙሉ በነጻ ይታከማል፣ አንዳንዱ በዓመት እስከተወሰነ ጣሪያ ድረስ ከሒሳቡ 95 በመቶውን ራሱ ይከፍላል፣ ሌሎቹ በመካከል ናቸው። ውሉን የመረጡት እነሱ ስላልሆኑ የታየው ልዩነት ከፊርማው በኋላ የመጣ ነው። የ95 በመቶ ከፋዮቹ ወጪ ከነጻዎቹ በ30 በመቶ ገደማ አነሰ።

እስከዚህ ለኩባንያዎቹ ደስ የሚል ዜና ነው። ግን ከፋዮቹ የቀነሱት አላስፈላጊውን ብቻ አልነበረም፤ የሚጠቅመውንም አብረው ነው የቀነሱት። ለአብዛኛው ሰው ጤናው ላይ ብዙ ልዩነት አልታየም። ደሃ ሆነው የደም ግፊት በነበረባቸው ላይ ግን ታየ፤ በነጻ የታከሙት ግፊታቸው የተሻለ ተስተካከለላቸው። ሕመምተኛ የትኛው ጉብኝት እንደሚጠቅመው አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም፤ ክፍያ ሲበዛበት ሁሉንም ይቀንሳል። ስለዚህ "ሞራል ሃዛርድ" ተብሎ ከሚቆጠረው ውስጥ ስንቱ ብክነት፣ ስንቱ ሰው ድሮም ማግኘት የነበረበት ሕክምና እንደሆነ ባለሙያዎቹ ዛሬም ይከራከራሉ። እኔ ከወንበሬ ሆኜ ብክነቱ ይበዛል እል ነበር፤ አንቺ ካለሽበት ግን ሌላ ነገር እንደሚታይ ይገባኛል።

ሹፌሩ፦ እኔ ኢንሹራንስ የማልገባበት ነገር የለም፣ ግን አደጋ ደርሶብኝ አያውቅም። እንደ እናንተ አባባል እኔ አደገኛ ነኝ ማለት ነው?

አይደለህም፤ እንዳንተ ያለውን ሰው ሞዴሉ ብዙ ጊዜ ይረሳዋል። ፈሪ ሰው ኢንሹራንስም ይገዛል፣ ቀስ ብሎም ይነዳል። በአንዳንድ ገበያ እንዳንተ ያሉት ይበዙና ሽፋን የገዙት ካልገዙት ያነሰ ጉዳት ያደርሳሉ፤ ያኔ አድቨርስ ሴሌክሽን ፈልገህ አታገኝም። ዕድሜ ልክ በየወሩ የሚከፍል የጡረታ ውል ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ኩባንያውን የሚያከስረው ረጅም ዕድሜ ነው፤ ገዢዎቹም ከሌላው ሰው ረዘም ያለ ዕድሜ እንደሚኖሩ ታይቷል።

ሹፌሩ፦ ታዲያ የእኔን አረቦን ለምን አትቀንሱም?

ካሳ ላልጠየቀ ደንበኛ ቅናሽ የሚሰጥ ኩባንያ አለ፤ ውልህን ስታድስ ጠይቃቸው። ግን አንድ ነገር ልንገርህ፦ ያ ቅናሽ ሰውን በጥንቃቄ ከማስነዳቱ እኩል ትንንሽ ጉዳት እንዲደብቅ ያደርገዋል። ቅናሹ እንዳይቀርበት ብሎ የተሰበረ መብራቱን ከኪሱ የሚያሠራ ሞልቷል፤ እኛ ደግሞ መዝገቡን ዐይተን "ጎበዝ ሹፌር" እንለዋለን።

ሹፌሩ፦ እሱንስ እኔም አድርጌዋለሁ።

ገምቼ ነበር።