«ሴት ያሳደገው» ሲባል የሚሰደበው ማነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባለፈው ግሽ ዓባይ ባጃጅ ውስጥ በመልስ ብር ጠብ ተነሳና ሹፌሩ ልጁን «ሴት ያሳደገው!» አለው፣ ልትገላግል የገባችውን ሴትዮ ደግሞ «ዝም በይ አንቺ ጋለሞታ» አላት። «ወንድ ያሳደገው» የሚል ስድብ ግን ሰምቼ አላውቅም፣ ለምንድነው?

መልስ፦ እስቲ መጀመሪያ ግሱን እይው። «ሴት ያሳደገው» ነው እንጂ «ሴት ያሳደገችው» አላለም አይደል? «ሴት የላከው ሞት አይፈራም» ላይም እንደዛው ነው፣ ሴት ብለን ጀምረን ግሱን በወንድ እንጨርሰዋለን። ለምን ብትይ እዚህ ጋ «ሴት» የሚለው አንዲት የምትታወቅ ሰው አይደለችም፣ የዓይነት ስም ነው፣ እንዲህ ሲሆን ግሱ ብዙ ጊዜ ወደ ወንዴው ይሄዳል። «እናቱ ብቻዋን ያሳደገችው ልጅ» ብትይ ተራ ወሬ ነው፣ ማንም አይጣላሽም። ስድብ የሚሆነው እናትየዋ ጠፍታ «ሴት» ብቻ ስትቀር ነው። ሲፈታ ደግሞ ነገሩ ቤትህ ውስጥ የሚቆጣህ ወንድ አልነበረም ነው፣ እሷ ስትቆነጥጠው፣ በበርበሬ ስታጥነው የኖረችው አይቆጠርላትም ማለት ነው። (ለሴት ልጅም «ሴት ያሳደጋት» ይባላል፣ ዱላው ያው እናት ላይ ነው የሚያርፈው።)

ወደ ጋለሞታ ስንመጣ፣ ዛሬ ከተማ ውስጥ ሸርሙጣ ለማለት ነው የሚወረወረው፣ የድሮ ትርጉሙ ግን ባል የሌላት፣ የፈታች ወይ የሞተባት ሴት ነው። በቃ። ባል ስለሌላት ብቻ ነው ቃሉ ቀስ በቀስ ወደ አልጋዋ የገባው። ሚስት የሌለውን ወንድ ደግሞ ወንደላጤ እንለዋለን፣ የወንደላጤ ቤት ሲባል የምናስበው ያልታጠበ ድስትና ያልተነጠፈ አልጋ ነው፣ ቢበዛ ያስቃል እንጂ ማንንም አያሰድብም።

እንግዲህ ሁለቱን ስድቦች ጎን ለጎን አድርጊያቸው። ባል የሌላት ሴት ራሷ ጋለሞታ ትባላለች፣ ልጇ ደግሞ ሴት ያሳደገው ይባላል፣ ሹፌሩ ሁለት ሰው የሰደበ መሰለው እንጂ አንድ ቤት ነው የሰደበው፣ አባወራ የሌለበትን ቤት። «ወንድ ያሳደገው» ስድብ ሊሆን የማይችለውም ለዚህ ነው፣ ቢባል እንኳ ሙገሳ ነው የሚመስለው።

ወንዱን በራሱ መስደብ ሲያምራቸው ደግሞ ሴት ያደርጉታል፣ «ቀሚስ ልበስ»፣ ወይ በቀጥታ «አንቺ» ይሉታል። ሴቷን «አንተ» ብንላት ግን ብዙ ጊዜ ፍቅር ነው።

አንዴ ጣና ዳር አሳ ከሚያራግፉት መሀል አንዱን ጎረምሳ ጓደኛው «ሴት ያሳደገው» ብሎ ስድብ ሲለቅበት ሰማሁ፣ ልጁ መረቡን ከእጁ ሳያወርድ «ያሳደገችኝ በል፣ ስም አላት» አለው። ሌላኛው መልስ አጣ።