ሦስት ደቂቃም ሆነ ሙሉ ቀን፣ ቡቺ ያው ነው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቡቺ የሚባል የሦስት ዓመት ውሻ አለኝ። ቆሻሻ ልጥል ወጥቼ በሦስት ደቂቃ ስመለስ ዓመት የተለየሁት ነው የሚመስለው። እያለቃቀሰ ፊቴ ላይ ይዘላል፣ አንድ እግር ጫማዬን በአፉ ነክሶ ቤቱን ይዞራል፣ አንዳንዴም ሽንቱ ጠብ ጠብ ይልበታል። ሥራ ውዬ ከዘጠኝ ሰዓታት በኋላ ስመለስም እንደዚያው ነው። እናቴ ደግሞ «ልትመጪ ስትይ በሩ ጋ ሄዶ ይቆማል» ትለኛለች። ውሻ ጊዜ ማለፉን ያውቃል? ሦስት ደቂቃ እንዲህ ከከበደው ቀኑን ሙሉ ምን ሆኖ ይውላል? ይሄ ነገር አንጀቴን እየበላኝ ነው።

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። በመጀመሪያ እንዲያርፉ አንድ ነገር ልንገርዎት። የቡቺ አቀባበል የናፍቆቱ ሚዛን አይደለም። በአቀባበሉ ተነሥተው ውሎውን መገመት አይችሉም።

ፊትዎ ላይ የሚዘለውን እንውሰድ። የተኩላ ግልገሎች ትልልቆቹ ከአደን ሲመለሱ እየተንጫጩ ይከቧቸዋል፤ አፋቸውንም ይልሳሉ። ትልልቆቹም የበሉትን ያስመልሱላቸዋል። ውሻ ካደገ በኋላም ይህ አቀባበል አብሮት ይኖራል። ምግብ ባይጠብቅም፣ ወጥቶ የተመለሰ የቤተሰብ አባል የሚቀበለው ወደ አፍ አፉ እየዘለለ ነው። እርስዎ ረጅም ስለሆኑበት ይዘላል እንጂ ጎንበስ ቢሉለት አገጭዎን ይልስ ነበር። ጫማውም ብዙ ውሾች ደስታው ሲበዛባቸው የሚያደርጉት ነው፤ ያገኙትን ነገር በአፋቸው ያነሣሉ።

አሁን ወደ ጊዜው እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2011 ቴሬሴ ሬን እና ሊንዳ ኪሊንግ የተባሉ የስዊድን ተመራማሪዎች ልክ የእርስዎን ጥያቄ አንሥተው ነበር። ብቻቸውን መቅረት የማያስቸግራቸውን 12 የቤት ውሾች መረጡ። እያንዳንዱን ውሻ ባለቤቱ አንድ ጊዜ ለግማሽ ሰዓት፣ ሌላ ጊዜ ለሁለት ሰዓት፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ለአራት ሰዓት ጥሎት ወጣ። የውሾቹ ሁኔታ በቪዲዮ ተቀረጸ፣ የልብ ምታቸውም ተለካ።

ባለቤቶቹ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲመለሱ ውሾቹ ከግማሽ ሰዓቱ ይልቅ ንቁ ነበሩ። ይበልጥ ተንቀሳቀሱ፣ ጭራቸውን ይበልጥ ቆሉ፣ ይበልጥም ተጠጓቸው። ውሃ የነካቸው ይመስል ሰውነታቸውን አራገፉ፣ ከንፈራቸውን ላሱ። ስለዚህ ግማሽ ሰዓትና ሁለት ሰዓት ለውሻ አንድ አይደለም። በሁለት ሰዓትና በአራት ሰዓት መካከል ግን ልዩነት አልታየም። አቀባበሉ እዚያው ጣሪያው ላይ ደርሶ ቆመ።

ተመራማሪዎቹ አንድ ነገር ሳይፈታ ትተውታል፤ እኔም ከሁሉ በላይ የወደድኩት ይህን ነው። ውሻው ብቻውን ሳለ «አሁንስ ቆየች» እያለ ሰዓቱ ይረዝምበታል? ወይስ ተኝቶ ውሎ፣ መቆየትዎ ትዝ የሚለው በሩ ሲከፈት ነው? አቀባበሉን አይቶ ይህን መለየት አይቻልም። በነገራችን ላይ፣ ባለቤቶቹ ወጥተው ሳለ ውሾቹ አብዛኛውን ጊዜ ጋደም ብለው ነበር ያሳለፉት።

ታዲያ የቡቺ ሦስት ደቂቃስ? እኔ ሁለት ነገር እጠረጥራለሁ። ቡቺ በሩ ሲዘጋ ቆሻሻ ሊጥሉ ይሁን ሥራ ሊውሉ አያውቅም። መውጣትዎ ያው መውጣት ነው፣ ሲመለሱም አቀባበሉ ይጀምራል። ሁለተኛው ደግሞ ልማድ ነው። ለሦስት ደቂቃውም ስቀው፣ ድምፅዎን ከፍ አድርገው፣ አቅፈው ከተቀበሉት፣ በር በተከፈተ ቁጥር ድግስ እንዳለ ተምሯል ማለት ነው። አንድ ሳምንት ከአጭር መውጫዎ ሲመለሱ ዝግ ብለው ይግቡና ይዩት። አቀባበሉ ከቀዘቀዘ ቡቺን ያጋጋለው የእርስዎ ምላሽ ነበር።

እናትዎ ያሉትን አምናለሁ። ውሻ የቀኑን ዑደት በሰውነቱ ያውቃል፤ የምግቡንም የመውጫውንም ሰዓት የሚለምደው ለዚህ ነው። ከዚያ ላይ ምልክቶች አሉ። የእግርዎን ኮቴ ከሩቅ ይለያል። እናትዎም እርስዎ ሊመጡ ሲሉ ሳይታወቃቸው ተነሥተው ይሆናል። አንዳንዶች ደግሞ ቤት ውስጥ የቀረው የባለቤቱ ሽታ እየሳሳ ሲሄድ ውሻው በዚያ ጊዜን ይለካል ይላሉ። ደስ የሚል ሐሳብ ነው፣ ግን እስካሁን ግምት ነው። መለየት ከፈለጉ ሁለት ቀን ያህል በአንድ ሰዓት ተኩል ቀድመው ይመለሱ፤ እናትዎም አይወቁ። በለመደው ሰዓት ብቻ የሚነሣ ከሆነ የሚመራው ልማዱ ነው። ባልለመደው ሰዓትም እርስዎ በር ሊደርሱ ሲሉ ከተነሣ ግን ጆሮው ነው የነገረው።

አንጀትዎን ለበላው ጥያቄ መልሱ ያለው አቀባበሉ ላይ ሳይሆን ከወጡ በኋላ ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው። ስልክዎን በሩን እንዲያሳይ አድርገው ያስቀምጡና እየቀረጸ ይውጡ። ብቻውን መቅረት የሚያስጨንቀው ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ገና ከመጀመሪያው ያስታውቃል። ሳያቋርጥ ይጮኻል ወይም ያላዝናል፣ ወዲያ ወዲህ ይመላለሳል፣ ለሐጩ ይዝረበረባል፣ በሩንና መቃኑን ይቧጭራል፣ የወደደውን ምግብ እንኳ አይነካም። ጥቂት በሩን አይቶ፣ ዞር ዞር ብሎ ከተኛ ግን ደኅና ነው። የመጀመሪያውን ዓይነት ካዩ በቅጣት የሚድን ነገር አይደለም፣ ይብሰዋል። የእንስሳት ሐኪም ያማክሩ። ልምምዱ የሚጀመረው በሰከንዶች ነው። ከበሩ ወጥቶ ወዲያው መመለስ፣ ከዚያ ሳይጨነቅ የሚችለውን ያህል ብቻ እየጨመሩ መሄድ።

ሽንቱን በተመለከተ፣ ደስታው ሲያጥለቀልቀው ያመልጠዋል እንጂ ጥፋት አይደለም። ከተቆጡት ፈርቶ ይጨምራል። ሳይደሰትም የሚያንጠባጥብ ከሆነ ግን ሐኪም ይየው።

«ችላ ብለውት ይግቡ፣ አይዩት» የሚል ምክር ሰምተው ይሆናል፤ እኔ አልስማማበትም። እነ ሬን እ.ኤ.አ. በ2014 ቢግል በተባሉ ውሾች ላይ ሌላ ጥናት አድርገው ነበር። የሚያውቁት ሰው ሲመለስ ኦክሲቶሲን የተባለው የቅርበት ሆርሞን በሁሉም ላይ ከፍ አለ። ከፍ እንዳለ የቆየው ግን ሰውዬው እያነጋገረ በእጁ ሲደባብሳቸው ነው። ስለዚህ ይንኩት፣ ግን ዝግ ብለው። ቦርሳዎን ያስቀምጡ፣ አራት እግሩ መሬት እስኪነካ ይጠብቁ፣ ከዚያ ቁጢጥ ብለው ደረቱን ቀስ አድርገው ይሹት፣ በለሆሳስ ያነጋግሩት። ፊትዎ እሱ ከፍታ ላይ ሲደርስ ለመዝለልም ምክንያት አይኖረውም። ጫማውን አይቀሙት፤ ሲረጋጋ ራሱ ይጥለዋል።