ፈተናው ጥር 26 ከሆነ የአንኪ ክፍተት ከፈተናው ቀን ወደ ኋላ ነው የሚቆጠረው

ጥያቄ፦ «ጎንደር የሦስተኛ ዓመት ፋርማሲ ተማሪ ነኝ። የፋርማኮሎጂ ፈተናችን ጥር 26 ነው፣ ልክ አራት ሳምንት ቀረው። አንኪ ላይ 600 ካርድ አለኝ፤ 250ውን ገና አላየሁትም። ችግሬ ብዙዎቹ ካርዶች ተመልሰው የሚመጡት ከፈተናው በኋላ መሆኑ ነው። ክፍተቱን እንዴት ላስተካክል? ጥምቀትም መሃል ላይ አለ።»

እህቴ፣ እኔም እዚሁ ጎንደር ፋርማሲ ነው የተማርኩት፤ የመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና ሁሌ ገናንና ጥምቀትን ተከትሎ ስለሚመጣ ይህን ስሌት ደጋግሜ ሠርቼዋለሁ። ዛሬ ታኅሣሥ 28 ነው ብለን እንነሳ።

መጀመሪያ አንኪ ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ እንይ። አንኪ ካርዶችን እንዳትረሻቸው በየክፍተቱ የሚያሳይሽ የማጥኛ መተግበሪያ ነው፤ ፈተና እንዳለብሽ ግን አያውቅም። አንድን ካርድ በትክክል በመለስሽ ቁጥር «ይህን እስከ መቼ ሳትረሳው ትቆያለች?» ብሎ ቀጣዩን ቀን ያርቀዋል፤ 1 ቀን፣ 3 ቀን፣ ሳምንት፣ ከዚያ 20 ቀን እያለ ይሄዳል። ለዓመታት ለሚያጠና ሰው ይህ ትክክል ነው። ለአንቺ ግን ክፍተቱን የሚወስነው ለፈተናው የቀረው ጊዜ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ኒኮላስ ሴፔዳና ባልደረቦቹ ከ1,350 በላይ ሰዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ፈተናው ከክለሳው 35 ቀን በኋላ ለሆነው ቡድን የተሻለው በጥናቱና በክለሳው መካከል 11 ቀን ያህል መተው ነበር፤ ፈተናው በ7 ቀን ለሆነው ደግሞ 1 ቀን። እዚያ የተከለሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አንቺ ብዙ ጊዜ ስለምትከልሺ ቁጥሩን እንደ ጣሪያ ውሰጂው። እኔ የምሠራበት ልክ ይህ ነው፦ ከፍተኛው ክፍተት ለፈተናው ከቀሩት ቀናት ሲሶ ያህል ይሁን።

ይህን አንኪ ውስጥ የምታስገቢበት ቦታ `Deck options` ውስጥ ያለው `Maximum interval` ነው። ዛሬ 28 ቀን ስለቀረ 9 ብለሽ ጻፊ። ጥር 6 ቀን 20 ቀን ሲቀር ወደ 7 አውርጂው። ጥር 13 ቀን 4፣ ጥር 18 ቀን 3 አድርጊው። አራት ጊዜ መቀየር ብቻ ነው፤ ስልክሽ ላይ ማስታወሻ ሙዪለት።

አንድ ካርድ ይዘን እንከተለው። ታኅሣሥ 30 ለመጀመሪያ ጊዜ አየሽው እንበል። ጥር 1 ይመጣል፣ ከዚያ ጥር 4። ቀጣዩ ሳምንት ገደማ ስለሆነ ጥር 11 ወይም 12 ላይ ያርፋል፤ ጥምቀት ስለሆነ ጥር 13 ታዪዋለሽ። እዚህ ላይ ነው ልዩነቱ የሚታየው። ጣሪያ ባይኖረው ቀጣዩ 20 ቀን ገደማ ይሆንና የካቲት መጀመሪያ ላይ ይመጣል፤ ያኔ ፈተናው አልፏል። ጣሪያው 4 ስለሆነ ግን ጥር 17 ይመጣል፣ ከዚያ ጥር 21፣ ከዚያ ጥር 24። ዘግይተሽ ጥር 16 የጀመርሽው ካርድ ደግሞ ጥር 17፣ 20 እና 23 ይታያል። ሁለቱም ፈተና ክፍል ሲገቡ ከታዩ ሁለት ሦስት ቀን ብቻ ነው የሚሆናቸው።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ነገር፦ ጣሪያውን ስትቀይሪ ቀድሞ ቀን የተቆረጠላቸው ካርዶች አይነቃነቁም። አዲሱ ጣሪያ የሚሠራው ካርዱን ከዚህ በኋላ ስትመልሺው ነው። ስለዚህ የካቲት ውስጥ የተቀጠረው ካርድ ቁጥሩን ስለቀየርሽ ብቻ አይመጣልሽም። አብዛኛው ሰው ቅንብሩን ቀይሮ «አልሠራም» የሚለው እዚህ ጋ ነው።

ለእነሱ ሌላ መንገድ አለ። መጀመሪያ በደንብ የምታውቂያቸውን ለዪ። ዴክሽ፣ ማለትም የካርድ ስብስብሽ፣ `Pharma` ይባላል እንበል፤ `Browse` ውስጥ ገብተሽ ይህን ፈልጊ፦

```
deck:Pharma prop:ivl>=21
```

ክፍተታቸው 21 ቀንና ከዚያ በላይ የደረሰ ናቸው። አንቺ ካየሻቸው 350 ውስጥ 150 ያህል ይኖራሉ ብለን እናስላ። እነዚህን `PharmaOld` ወደሚባል ሌላ ዴክ አዛውሪና የራሱ `Preset` ስጪው፤ ጣሪያውን እዚያ አትንኪ። የምታውቂውን ካርድ በየሦስት ቀኑ ማየት ጊዜ ማባከን ነው። ጥር 16 ሲደርስ ብቻ በዚያ ዴክ ውስጥ እስከ ጥር 23 የማይመጡትን ፈልጊ፦

```
deck:PharmaOld prop:due>7
```

ሁሉንም መርጠሽ `Set Due Date` ውስጥ `2-7` ብለሽ ጻፊ። አንኪ ከጥር 18 እስከ 23 ባሉት ስድስት ቀናት ላይ ይበትናቸዋል። ሁሉም ቢበተኑ እንኳ በቀን 25 ናቸው። የረሳሽው ከተገኘም ለመጠገን ቀን ይተርፋል።

አሁን ወደ 250ዎቹ አዳዲሶች እንምጣ። ዋናው ጥያቄ መቼ እንደምታቆሚ ነው። ከፈተናው አሥር ቀን በፊት፣ ማለትም ጥር 16፣ የመጨረሻው አዲስ ካርድ ይግባ። ከዚያ በኋላ የገባ ካርድ በበቂ ክፍተት ለመደጋገም ጊዜ አያገኝም፤ የቀድሞዎቹንም ጊዜ ይሻማል። ገናን ታኅሣሥ 29 ተዪው፣ ከጥር 9 እስከ 12 ያሉትንም ቀናት ተዪ፤ 14 ቀን ይቀርሻል። 18 ሲባዛ በ14፣ 252 ይሆናል። ስለዚህ `New cards/day` 18 ነው፤ በተውሻቸው ቀናት 0። በጣም የሚከብድሽን ምዕራፍ አስቀድመሽ አስገቢ፤ ቀድሞ የገባ ካርድ ብዙ ጊዜ ይታያልና።

ጥር 9 አዲስ የማናስገባው ለምን መሰለሽ? የዚያ ቀን አዲስ ካርድ የመጀመሪያ ክለሳው በነጋታው፣ በከተራ ዕለት ነው። ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ አንቺም ከቤተሰብ ጋር ትወርጃለሽ፤ ጥር 12 ሚካኤል እስኪመለስ ከተማው ሁሉ ውጭ ነው። ዛሬ ተምረሽው በአራተኛው ቀን የምታገኚው ካርድ ከዜሮ የጀመርሽው ያህል ነው። በሌላ በኩል «ከጥምቀት በፊት ሁሉንም ቀድሜ ልጨርስ» ብለሽ `Review ahead` አታብዢ። ትናንት ያየሽውን ዛሬ ስትደግሚ ሳትደክሚ ስለሚመጣልሽ ብዙም አይጠቅምሽም።

ጥር 13 ስትመለሺ ክምር ይጠብቅሻል። አትደንግጪ፣ ግን ቅደም ተከተሉን አስተካክይ። `Review sort order` የሚለውን `Ascending intervals` አድርጊው፤ ክፍተታቸው አጭር የሆነው ይቀድማሉ። በሦስት ቀን መምጣት የነበረበት ካርድ ሦስት ቀን ሲዘገይ ጊዜው እጥፍ ሆነበት፤ በዘጠኝ ቀን መምጣት የነበረበት ግን የተጨመረበት ሲሶ ብቻ ነው። በአንድ ቀን ካልተጨረሰ ለሁለት ቀን ክፈይው፤ የሚዘገየው ባለ ረጅም ክፍተቱ ነው፣ እሱ ይታገሥሻል።

ጥር 13 እና 14 ሌላም ነገር ይነግሩሻል። `Again` የተጫንሽባቸውን ቁጠሪ። ከአምስት አንዱን በላይ እየረሳሽ ከሆነ አዲስ ካርድ ወዲያው ቀንሺ፣ ከዚያ የሚረሱትን ካርዶች አንድ በአንድ ክፈቻቸው። ክፍተቱ ይህን ያህል አጭር ሆኖ የሚረሳ ካርድ ብዙ ጊዜ አሠራሩ ላይ ጉድለት አለበት። ለምሳሌ «የቲቢ መድኃኒቶችን የጎንዮሽ ጉዳት ዘርዝሪ» የሚል ካርድ በየትኛውም ክፍተት አይያዝም፤ አራቱን ታስታውሺና አንዱን ከሌላው ጋር ትቀላቅያለሽ። ለያይተሽ ጻፊው፦ እጅና እግር የሚያደነዝዘው፣ ቫይታሚን ቢ6 አብሮ የሚሰጥበት የትኛው ነው? ኢሶኒያዚድ። የዓይን ነርቭ የሚጎዳውስ? ኢታምቡቶል። ሽንትን ብርቱካንማ የሚያደርገው? ሪፋምፒሲን። ዩሪክ አሲድ የሚጨምረው? ፒራዚናማይድ። እንዲህ ከተለያዩ በኋላ ክፍተቱ ሥራውን ይሠራል።

ስለ አዝራሮቹ አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ጓደኞቼ እዚህ ላይ ሲሳሳቱ አይቻለሁ። `Hard` ማለት «ከብዶኝ ግን አስታወስኩ» ነው። ሳታስታውሺ `Hard` ከተጫንሽ አንኪ እንዳወቅሽው ቆጥሮ ያርቀዋል። ካልመጣልሽ `Again` ነው። `Easy`ን ደግሞ በእነዚህ አራት ሳምንታት ባትነኪው ይሻላል።

ጭነቱ ይቻላል ወይ? በመጨረሻው ሳምንት ጣሪያው 3 ሲሆን ዋናው ዴክ 450 ካርድ ስላለው በቀን 150 ይመጣል፤ ከቆዩት 25 ሲጨመር 175። አንዱ ካርድ አሥር ሰከንድ ቢወስድ ግማሽ ሰዓት ነው፤ የሚደገመው ተጨምሮ አንድ ሰዓት አይሞላም። መብራት ቢጠፋም አንኪድሮይድ ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ ባትሪሽን ብቻ ጠብቂ። ሌላ አንባቢ 2,000 ካርድ ካለው ግን ይህን ጣሪያ እንዳለ አይውሰድ፤ በ3 ሲካፈል በቀን ከ660 በላይ ነው፣ ሦስተኛው ቀን ላይ ይተወዋል። እሱ ጣሪያውን ለሚረሳቸው ምዕራፎች ብቻ ያድርግ፣ የቀረውን እንደ `PharmaOld` አንድ ጊዜ ይበትነው።

ክፍተቱን በሌላ ስሌት የሚወስነውን `FSRS` የከፈትሽ ከሆነም የጣሪያው ቁጥር ያው ይሠራል። `Desired retention` 0.90 ላይ ይቆይ። ፈተና ደረሰ ብለሽ 0.97 ብታደርጊው የቀኑ ክለሳ በጣም ይበዛል፣ ለአሮጌ ፈተና ጥያቄዎች ጊዜ አይተርፍሽም።

ጥር 24 እና 25 ጠዋት ጠዋት የመጣውን ካርድ ጨርሺ፣ ከሰዓት የአሮጌ ፈተና ጥያቄ ሥሪ። ካርዱን በቅርጹ ለምደሽው እንደሆነ የሚለየው ያኔ ነው፤ «ፕሮፕራኖሎል ለአስም በሽተኛ አይሰጥም» የሚለውን ካርድ በሁለት ሰከንድ መልሰሽ፣ አስም ያለባት የደም ግፊት ታካሚ በጥያቄ ስትመጣ ብትስቺ፣ ያንን ካርድ ወደ ታካሚ ታሪክ ቀይረሽ ጻፊው። ጥር 25 ማታ `Filtered deck` ከፍተሽ ይህን ብቻ አስገቢ፦

```
deck:Pharma* rated:7:1
```

በሳምንቱ ውስጥ `Again` ያልሻቸው ብቻ ይመጣሉ። `Reschedule cards based on my answers in this deck` የሚለውን አጥፊው፣ ቀናቱን እንዳያዛባ። ሲያልቁ ተኚ።

ከፈተናው በኋላ `Maximum interval` ወደ 36500 መልሺው። ፋርማኮሎጂ ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ይቀጥላል፤ ጣሪያው 3 ላይ ከቀረ የዘንድሮው 450 ካርድ በየሦስት ቀኑ እየመጣ አዲሱን እንዳትጀምሪ ያደርግሻል።