የአዋጁ ዓመት፣ የመዝገቡ ቁጥር፣ የሪፖርቱ ባለቤት፦ በሕግ ጽሑፍ ስለ ማጣቀስ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በእንግሊዝኛ በምጽፈው ጽሑፍ አዋጅ ቁጥር 377/1996ን ስምንት ዓመት ደምሬ 377/2004 ብዬ ጠቀስኩ። ገምጋሚዬ እንዲህ የሚባል አዋጅ የለም አሉኝ። የት ተሳሳትኩ?

መልስ፦ ገምጋሚዎ ልክ ናቸው። የቀድሞው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ በእንግሊዝኛ ርዕሱ 377/2003 ነው። 1996 ዓ.ም. ከመስከረም 2003 እስከ መስከረም 2004 እ.ኤ.አ. ስለሚዘልቅ፣ በዚያ ዓመት የወጣ ሕግ በእንግሊዝኛው ከሁለቱ አንዱን ሊይዝ ይችላል። በዚያው ዓመት የወጣውን የወንጀል ሕግ ይመልከቱ፤ በአማርኛ 414/1996 ሲሆን በእንግሊዝኛ 414/2004 ነው። በአማርኛ አንድ ዓመት የያዙ ሁለት ሕጎች በእንግሊዝኛ ሁለት የተለያዩ ዓመቶች አሏቸው ማለት ነው። ነጋሪት ጋዜጣ ሁለቱን ቋንቋዎች ጎን ለጎን ስለሚያትም፣ ርዕሱን ከገጹ ላይ እንዳለ መገልበጥ እንጂ ማስላት አያስፈልግም።

አስተያየት፦ ይህን ያህል የሚያስቸግር አይመስለኝም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት መደመር በቂ ነው።

መልስ፦ ለቀን አቆጣጠር የተናገሩት፣ በጥር መጀመሪያ አካባቢ ካለው ጥቂት መንሸራተት በቀር፣ ትክክል ነው። የፍርድ ቤት ውሳኔ የተሰጠበትን ቀን ሲቀይሩም ይጠቅምዎታል። የአዋጅ ቁጥር ግን ቀን ሳይሆን ስም ነው፤ ስም ደግሞ የሚታወቀው ከተሰየመበት ቦታ ነው። በነገራችን ላይ በሁለቱ ቅጂዎች መካከል የይዘት ልዩነት ካለ በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው አማርኛው ነው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰውም አንቀጹን በአማርኛ ሳያነብ ባይጠቅስ ይሻላል።

ጥያቄ፦ እኔን ከሥራ ያሰናበቱኝ በ2010 ዓ.ም. ነው። አሁን በሥራ ላይ ያለው አዋጅ 1156/2011 ስለሆነ ካሳዬን በእርሱ እጠይቃለሁ?

መልስ፦ ስለ ካሳዎ መጠን መዝገብዎን የሚያይ ጠበቃ ያማክሩ፤ እኔ መናገር የምችለው ስለ አጠቃቀሱ ነው። ድርጊቱ ሲፈጸም በሥራ ላይ የነበረው 377/1996 ስለሆነ፣ ክርክሩ የሚጀምረው ከእርሱ ነው። «አዋጅ ቁጥር 377/1996፣ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተሻረ» ብሎ መጻፍ አንባቢው ሕጉ መሻሩን ጸሐፊው ሳያውቅ ቀርቷል ብሎ እንዳያስብ ያደርጋል። ሥራ ላይ ያለውን ብቻ መጥቀስ ግን በዚያን ጊዜ ያልነበረን ግዴታ ወደ ኋላ መጫን ይሆናል። የአዲሱ አዋጅ የመሸጋገሪያ ድንጋጌ ምን እንደሚል ደግሞ ሳይነበብ መታለፍ የለበትም።

ጥያቄ፦ የሰበር ውሳኔ ስጠቅስ ቅጹንና ገጹን ብቻ ብጽፍ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ቅጹ የታተመበት መጽሐፍ ነው፤ ውሳኔውን ከሌላው የሚለየው የመዝገብ ቁጥሩና የተሰጠበት ቀን ነው። የሕፃናትን ጥቅም ለሚመለከት ክርክር ደጋግሞ የሚነሳው ውሳኔ «የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት፣ መዝገብ ቁጥር 23632፣ ጥቅምት 26 ቀን 2000 ዓ.ም.» ተብሎ ሲጻፍ፣ ቅጹ በእጁ የሌለ አንባቢም ያገኘዋል። ቅጹንና ገጹን ከዚያ በኋላ ይጨምሩ።

ከቁጥሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የሚጠቀሰው ክፍል ነው። አንድ ጊዜ ራሴ ያዘጋጀሁት ማስታወሻ ላይ «ችሎቱ እንዳለው» ብዬ የጻፍኩት ዐረፍተ ነገር የአመልካቹ አቤቱታ ሆኖ ተገኘ። ውሳኔው የሥር ፍርድ ቤቶችን ፍርድና የግራ ቀኙን ክርክር አስቀድሞ ስለሚተርክ፣ ችሎቱ በራሱ ድምፅ የሚናገረው ዘግየት ብሎ ነው። «አመልካች … በማለት» የሚል ካዩ ገና ክርክር ላይ ነዎት፤ «ይህ ችሎትም … መርምሯል» ከሚለው ጀምሮ ያለውን ያንብቡ፤ ከዚያም የልዩነት ሐሳብ መኖሩን ያረጋግጡ። ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የተሰጠ የሰበር የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 454/1997 መሆኑን ካስታወሱም፣ ከዚያ በፊት የተሰጠውን ውሳኔ ተመሳሳይ ክብደት አይሰጡትም። የተከራካሪዎች ስም ይግባ አይግባ የሚለው ላይ ጸሐፊዎች እስካሁን አይስማሙም፤ እኔ በቤተሰብ ጉዳይ አላስገባም።

ጥያቄ፦ የመንግሥት ሪፖርት ላይ አሳታሚው ስሙን ቢቀይርስ?

መልስ፦ ሽፋኑ ላይ ያለውን ስም ይጻፉ። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ሲካሄድ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ይባል ነበር፤ መሥሪያ ቤቱ ዛሬ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ቢባልም በዚህ ስም የወጣ የ1999 ቆጠራ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አይገኝም። የበጀት ዓመት ሪፖርት ከሆነ፣ ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሚሄድ 2015 በጀት ዓመትን በእንግሊዝኛ በአንድ ዓመት ሳይሆን 2022/23 ብለው ይጻፉት።