500 ጫጩት ጥቅምት ላይ፦ ስለ እንቁላል ዶሮ ዕቅድ ጥያቄና መልስ

ቢሾፍቱ ዳር የእንቁላል ዶሮ ማርባት ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ሁለቴ ከስሬበታለሁ። ለስሌት እንዲመች መኖን በኪሎ 50 ብር፣ እንቁላልን በ14 ብር ይዣለሁ። እናንተ የሰፈራችሁን ዋጋ ተኩበት።

«500 የአንድ ቀን ጫጩት ጥቅምት 15 ላስገባ ነው። ቤቱ አልቋል። ለጫጩቱና ለአንድ ወር መኖ የሚሆን ብር አለኝ። ከዚያ በኋላ ራሱን አይችልም?» (ከሰበታ)

አይችልም እህቴ። አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ጫጩቷ እንቁላል የምትጀምረው በአምስተኛው ወር ግድም ነው። እስከ 20ኛው ሳምንት አንዷ ወደ 8 ኪሎ መኖ ትጨርሳለች። 500 ሲሆኑ 40 ኩንታል፣ በገንዘብ 200,000 ብር ማለት ነው። በመጀመሪያው ወር የሚበሉት ከዚህ ውስጥ ከአሥር አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የአንድ ወር መኖ ይዘሽ ስትጀምሪ ነገሩ ቀላል ይመስልሻል። ጭንቁ የሚመጣው በሦስተኛውና በአራተኛው ወር ነው።

እንቁላል ተጀመረ ማለትም ወጪ ቆመ ማለት አይደለም። የምትጥል ዶሮ በቀን 115 ግራም ገደማ ትበላለች። መቶ ዶሮ በቀን የ575 ብር መኖ ይበላል። ከመቶ ዶሮ በቀን 41 እንቁላል እስክታነሺ ድረስ ከኪስሽ እየከፈልሽ ነው። ለዚህ ሌላ የሦስት ሳምንት መኖ ያዢ፤ 12 ኩንታል ያህል ነው። በድምሩ 52 ኩንታል። መድኃኒቱ፣ ሰጋቱራው፣ መብራቱና የሠራተኛው ደሞዝ ገና አልገቡበትም።

ብሩ ከሌለ ቤቱ ስለሚበቃ ብቻ 500 አታስገቢ። በ200 ጀምሪ። መኖ አጥሮት ያደገ ዶሮ ኋላ ብታበዪውም ያጣውን አይመልስልሽም።

«ጥቅምት ያስገባ ሰው እንቁላሉ የሚደርሰው ሁዳዴ ላይ ነው። ማን ይገዛዋል? ለምን አትከለክላትም?» (ከደብረ ብርሃን)

ግማሹ ልክ ነህ። የ2019 ሁዳዴ የካቲት 29 ይገባል፤ ፋሲካው ሚያዝያ 24 ነው። ጥቅምት 15 የገባች ጫጩት 20 ሳምንት የሚሞላት መጋቢት 5 ግድም ነው። እንቁላሉ በጾም ይጀምራል፣ እውነት ነው።

ግን የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንቁላል ጥቂትም ትንሽም ነው። በፍስክም ቢሆን ጥሩ ዋጋ አያወጣም። እኔ የማየው እንቁላሏ ጫፍ የሚደርስበትን ጊዜ ነው። 28ኛው ሳምንት ግንቦት 1 ላይ ይውላል፤ ፋሲካ ካለፈ ሳምንት ማለት ነው። እስከ ፍልሰታ ድረስ ገበያው የሷ ነው። ይልቅ ሐምሌ አጋማሽ ያስገባን ሰው ተመልከት። እንቁላሉ በገና ጾም ይጀምርና ጥር መጨረሻ ጫፍ ይደርሳል። አንድ ወር ሳይሸጥ ሁዳዴ ይመጣበታል። እኔ እሱን ነው የምከለክለው።

እህቴም ብትሆን በሁዳዴ የመጀመሪያውን እንቁላል በ14 እሸጣለሁ ብላ አትጻፍ። 10 ብር ትያዝ። ያኔ መኖው የሚሸፈነው ከመቶ ዶሮ 58 እንቁላል ሲነሳ ነው፤ የሦስት ሳምንቱን መጠባበቂያ ወደ አራት ሳምንት ታሳድገው።

«ኮምቦልቻ ነኝ። እኛ ጋ በሁዳዴ ዋጋው እናንተ የምትሉትን ያህል አይወርድም። የምትነግሩን የአዲስ አበባን ነው።»

ልክ ብለሃል፤ የእኔ ገበያ አዲስ አበባ ነው። ሙስሊም ደንበኛ የሚበዛበት ከተማ የራሱ አቆጣጠር አለው። የሱቆቹን የአንድ ዓመት ዋጋ ጠይቀህ ጻፍና ከዚያ ተነስ።

«ሞት 10 ከመቶ ይዤ 550 እገዛለሁ። በቂ ነው አይደል?»

ቁጥሩ ያስኬዳል። በደህና አያያዝ እስከ እንቁላል ድረስ ከ3 እስከ 5 ከመቶ ይሞታል። ግን ሞትን በብዛቱ ብቻ አትቁጠረው፤ መቼ ሞተች ነው ጥያቄው። የሦስት ቀን ጫጩት ስትሞት የጠፋህ የጫጩቷ ዋጋ ነው። የ20 ሳምንት ቄብ ስትሞት ግን 400 ብር መኖ አብሮ ተቀበረ። 25 ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ቢሞት ትናደዳለህ። 25 ቄብ ቢሞት 10,000 ብር መኖ ነው።

በር ላይ ደብተር ስቀል። በየማለዳው የሞተውንና የተበላውን መኖ ጻፍ። መኖው ከትናንቱ ከቀነሰ፣ ሞት ሳይመጣ በፊት ነግሮሃል።

«እኔ ባለፈው ዓመት ከ300 ውስጥ 140 ሞቱብኝ፣ በአምስተኛው ሳምንት። ክትባት ሰጥቻለሁ። ጎረቤት ብርድ ነው አለኝ። አሁን ማሞቂያ ልጨምር?» (ከአዳማ)

ጋሼ፣ ብርድ የሚገድለው በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው። ያኔ ጫጩቶቹ አምፖሉ ሥር ተደራርበው ያገኟቸዋል። አምስት ሳምንት የሞላው ላባ አውጥቷል፤ ያውም አዳማ ላይ። ኩሳቸው ነጭና ውሃማ ከነበረ፣ ሞቱም ሦስት አራት ቀን ገንፍሎ ድንገት ከቀነሰ ጉምቦሮን እጠረጥራለሁ። ደም ከነበረበት ኮክሲዲያ ነው፤ እሱ ከእርጥብ ሰጋቱራ ይመጣል። አንገት ከተጣመመና ኩሱ አረንጓዴ ከሆነ ደግሞ ፈንግል ይሆናል። ሳይመረመር ግን ማንም በእርግጠኝነት አይነግርዎትም። በሚቀጥለው ጊዜ ገና እንደሞተ ሁለት ሬሳ ይዘው ወደ እንስሳት ሐኪም ይሂዱ።

ክትባቱንስ እንዴት ነበር ያመጡት? እኔ አንዴ በፌስታል ይዤ፣ በቀትር ሚኒባስ ተሳፍሬ መጣሁ። በረዶ አልነበረውም። የሰጠሁት የሞተ ክትባት ነበር። ሌላ ጊዜ ደግሞ ክሎሪን ባለው የቧንቧ ውሃ በጥብጬ አበላሸሁት። ወረቀቱ ላይ ግን «ተከትቧል» ይላል።

«በቆሎና ፉርሽካ ራሴ ቀላቅዬ ኪሎውን በ42 ብር አወጣዋለሁ። ለምን 50 እከፍላለሁ?»

ከኪሎው ዋጋ በፊት የእንቁላሉን ተመልከት። በ50 ብሩ መኖ ከመቶ ዶሮ 80 እንቁላል ካነሳህ፣ አንድ እንቁላል 7 ብር ከ20 ሳንቲም መኖ በልቷል። በ42ቱ ድብልቅ ወደ 60 ከወረደብህ እንቁላሉ 8 ብር ከአምስት ሳንቲም ፈጀ። ርካሹ መኖ ተወደደ።

መቀላቀል ነውር አይደለም፤ እኔም ቀላቅያለሁ። ግን በቆሎና ፉርሽካ ብቻ መኖ አይሆንም። የአኩሪ አተር ወይም የኑግ ፋጉሎ፣ የኖራ ድንጋይና ፕሪሚክስ የሚባለውን የቫይታሚንና የማዕድን ድብልቅ ይፈልጋል። የሻገተ በቆሎ ደግሞ ሽታው ቢጠፋም መርዙ አይጠፋም፤ አታስገባው።

«የሥጋ ዶሮ በ45 ቀን ይሸጣል። ይሄን ሁሉ ምን አስለፋችሁ?»

ያ ሌላ ሥራ ነው። በ45ኛው ቀን ገዢ ከሌለ በ46ኛውም ይበላል፤ ከዚያ በኋላ የሚጨምረው ኪሎ መኖውን አይመልስም። ገዢ ሳትይዝ አትግባበት።

«እኔ የሰበታዋ ነኝ። ዶሮዎቹንስ መቼ ልሽጥ?»

ቀኑ ራሱ መጥቶልሻል። ጥቅምት 15 የገቡት 77 ሳምንት የሚሞላቸው ሚያዝያ 8፣ 2020 ነው፤ ፋሲካ ነው። ለዶሮ ወጥ የሚፈልጋቸው አይጠፋም። ግን ፋሲካ ለመድረስ 55 የጾም ቀን ማብላት አለብሽ። አንዷ 316 ብር ያህል ትበላለች። ከመቶ 65 ቢጥሉ፣ እንቁላሉም በ10 ብር ቢሸጥ፣ ከአንዷ 357 ብር ታገኛለሽ። ለጥቂት ነው። እኔ እይዛቸዋለሁ።

«እኔ ግን አልይዝም። የቅበላ ሰሞን ሸጬ ቤቱን አጥባለሁ። ፋሲካ ላይ ሁሉም ይዞ ይወጣል፣ ዋጋውም ይሰበራል።» (ከሞጆ)

ሁለት ዓመት እንዳልከው ሆኗል፤ አይቻለሁ። ባለፈው ግን የያዝኩት ነኝ የተጠቀምኩት። እህቴ፣ ግማሹን ለቅበላ፣ ግማሹን ለፋሲካ ብታደርጊ ሁለታችንም አንከፋብሽም።