«ኸሊፋ» ነው፤ «አልጋ ወራሽ» አይደለም

ጥያቄ፦ አንዱ «ካሊፍ» ይላል፣ ሌላው «ኻሊፋ»፣ ሌላው «ኸሊፋ»። ልኩ የቱ ነው? ደግሞስ «የነቢዩ አልጋ ወራሽ» ብለን በአማርኛ ብንገላገለው ምን ይጎድለዋል?

መልስ፦ ነቢዩን ተክቶ ሙስሊሞችን የመራውን ሰው «ኸሊፋ» ብለው ይጻፉ። «ካሊፍ» አውሮፓ ዞሮ የመጣ ነው፤ ዐረብኛው ጎረቤታችን ሆኖ ሳለ ይህን ያህል መዞር አያሻም። «ኻሊፋ» ደግሞ የመጀመሪያውን ፊደል ያለ ቦታው ያስረዝመዋል። ለእኔ ቢተውልኝ እንዲያውም «ኀሊፋ» እል ነበር። የዐረብኛው ኸ፣ ለ፣ ፈ የግእዙ ኀለፈ ነውና፤ አማርኛ ኀን ጥሎ «አለፈ» አለ፣ «ኃላፊ» ላይ ግን ፊደሉን አስቀረው። ሆኖም ዛሬ «ኀ»ን እንደ «ሀ» የማያነብ ሰው ስለማላገኝ በ«ኸ» ተሸንፌያለሁ።

ከዚሁ ሥር «ኺላፍ» ይወጣል፤ ትርጉሙ አለመግባባት ነው። የኋላው ከፊተኛው ሲቀጥል ተተኪ ይሆናል፣ ከፊተኛው ሲለይ ደግሞ ተቃዋሚ።

ወደ «ወራሽ» ልመለስ። አንድ የሙያ ባልንጀራዬ «አማርኛው ሰፍቷል፤ ሥልጣን ወረሰ እንላለን፣ ምን ታካብዳለህ?» ይለኛል። የማካብደው ነቢዩን ማን ይተካ በሚል ሱኒና ሺዓን የለየው ጠብ ራሱ በዚህ ቃል ላይ ስለነበረ ነው።

ነቢዩ ሙሐመድ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ632 መዲና ላይ ሲያርፉ የአጎታቸው ልጅና አማቻቸው ዐሊ፣ ከቅርብ ዘመዶች ጋር፣ በአስከሬኑ ዝግጅት ተጠምደው ነበር። በዚያው ሰዓት የመዲና ሰዎች፣ አንሷሮቹ፣ በበኒ ሳዒዳ ሰቂፋ ተሰበሰቡ። «ሰቂፋ» ጣራ ያለው መሰብሰቢያ ነው፤ እኛ ዳስ የምንለው ዓይነት። ሊያነግሡት ያሰቡት ሰዕድ ኢብን ዑባዳ ታሞ፣ በልብስ ተጠቅልሎ ከመካከላቸው ተቀምጧል። ከመካ የመጡት የነቢዩ ባልደረቦች አቡበክር፣ ዑመርና አቡ ዑበይዳ ደረሱ። ከአንሷሮቹ አንዱ «ከኛ አንድ አሚር፣ ከናንተም አንድ አሚር» አለ፤ አሚር አዛዥ ነው። አቡበክር ዐረቦች ከነቢዩ ጎሳ ከቁረይሽ ውጭ ለማንም አይገዙም ብለው ተከራከሩ፤ ጩኸቱ ሲበረታ ዑመር «እጅዎን ይዘርጉ» ብለው ቃል ኪዳን ገቡላቸው፣ ሌላውም ተከተለ፤ አቡበክር የመጀመሪያው ኸሊፋ ሆኑ። ኋላ ዑመር ራሳቸው ነገሩን «ፈልታ» ብለውታል፤ ሳይታሰብ በድንገት የሆነ፣ ክፉውን ግን አላህ የመለሰው።

እንግዲህ በዚያ ዳስ ውስጥ ማንም ማንንም አልወረሰም። ወዲያው ፋጢማ ከአባታቸው የቀረውን የፈደክን መሬት ሲጠይቁ፣ አቡበክር «እኛ ነቢያት አንወረስም፤ የተውነው ሶደቃ፣ ምጽዋት፣ ነው» የሚለውን የነቢዩን ቃል አስታወሱ። ሥልጣኑ ለዐሊ ይገባ ነበር የሚሉት ሺዓዎች ይህን አይቀበሉም፤ «ሱለይማን ዳውድን ወረሰ» የሚለውን የቁርኣን አንቀጽ ይጠቅሳሉ። እዚያ ያለው ግስ «ወሪሠ» ነው፤ የኛው «ወረሰ»! ስለዚህ «ወራሽ» ብለው ሲጽፉ ሳያውቁት በአንዱ ወገን ቆመዋል።

«እንደራሴ» የሚሉም አሉ። እርሱም አደጋ አለው፤ የማን እንደራሴ? አቡበክር «የአላህ መልእክተኛ ኸሊፋ» እንጂ «የአላህ ኸሊፋ» አልባልም እንዳሉ ይተረካል፤ ኋላ የነገሡት የሙዓዊያ ወገኖች ኡመያዎች ግን ሁለተኛውን ስም ለራሳቸው ወደዱት። አቡበክርን በተኩት በዑመር ጊዜ ደግሞ «የመልእክተኛው ኸሊፋ ኸሊፋ» እያሉ መቀጠሉ ምላስ ሲያስር «አሚረል ሙእሚኒን»፣ የምእመናን አዛዥ፣ ተባለ።

ያው ጣጣ በመካና በመዲና መካከል ባለው ገዲር ኹም በተነገረው ቃል ላይም አለ። ነቢዩ ከመጨረሻው ሐጅ ሲመለሱ «እኔ መውላው የሆንኩለት፣ ዐሊም መውላው ነው» ብለዋል። ንግግሩን ሁለቱም ወገን ይዘግቡታል። «መውላ» ግን ጌታም ወዳጅም ነው፤ ሺዓዎች «አለቃ» ብለው ሹመት ያነቡበታል፣ ሱኒዎች ከየመን ዘመቻ ተመልሰው ዐሊን ላሙ ሰዎች የተሰጠ «ወዳጅ» የሚል መልስ ነው ይላሉ። ከዚህ የተነሣ «መውላ»ን ሳልተረጉም እተወዋለሁ።

«አልጋ ወራሽ» መጀመሪያ የሚስማማው ለየዚድ ነው። አባቱ ሙዓዊያ፣ ዐሊን ሲፊን ላይ የወጋው፣ በ661 ሥልጣን ከያዘ በኋላ በሕይወት ሳለ ለልጁ ቃል ኪዳን አስገባ። ያንን እምቢ ያለው የዐሊ ልጅ ሑሴን በ680 ከርበላ ላይ ተገደለ። እስከዚያ «ሺዐቱ ዐሊ»፣ የዐሊ ወገን፣ ከሞላ ጎደል የፖለቲካ ጎራ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ሐዘንና የሑሴን መታሰቢያ ቀን ዐሹራ ያለው ማኅበር ወደ መሆን ሄደ።

ስለ «ሺዓ» ፊደልም አልጠየቁኝም፤ ልናገር። በዐይኑ «ዐ» መጻፍ አለበት፣ «ወገን» ማለት ነውና «ሺዓይት» የሚለው ጭራ ትርፍ ነው። «ሺአ» የሚጽፉት ግን በዝተዋል፤ አንባቢ ካልተሳሳተ እርሱንም አላርምም፣ ደስ ባይለኝም።